የሂሳብ ሠራተኛ ስትቀጥሩ ነጥቡን ሰውየውን ከማየታችሁ በፊት ጻፉት

ጎንደር ውስጥ ሥራ ፈላጊ ገና ወንበር ሳይስብ የሚቀርብለት ጥያቄ አለ። «የማን ልጅ ነህ? ሰፈርህስ የት ነው?» ጠያቂው ክፉ አስቦ አይደለም። እኛ ሰው መተዋወቅ የምንጀምረው እንዲህ ነው። ግን ልጁ «የእገሌ ልጅ ነኝ፣ ከአዘዞ» ካለና ጠያቂው እገሌን የሚያውቃቸው ከሆነ፣ ቃለ መጠይቁ እዚያው አለቀ። የቀረው ሃያ ደቂቃ የተወሰነውን ነገር ማጽደቂያ ብቻ ነው።

እኔ ለትንንሽና መካከለኛ ድርጅቶች ሠራተኛ በመቅጠር ሥራ ላይ አግዛለሁ። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ወጣት ለሂሳብ ሥራ አመለከተ። አነጋገሩ ደስ ይላል። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው። ረጋ ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ ይመልሳል። ከፍተኛ ነጥብ ሰጥቼው ተቀጠረ። በሦስተኛው ወር መዝገቡ ሲከፈት የባንክ ሂሳቡ አንድም ጊዜ አልታረቀም። ልጁ አልዋሸኝም። እኔ ባንክ ማስታረቅ ይችል እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ነጥብ የሰጠሁት ለአነጋገሩ ነው።

ለዚህ ችግር «ሄሎ»፣ ማለትም የብርሃን አክሊል፣ የሚል ስም የሰጠው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ባወጣው ጽሑፍ የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው የሚሰጡትን ነጥብ ተመለከተ። በቁመናው ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘ ወታደር በብልህነቱም፣ በመሪነቱም፣ በጠባዩም ከፍ ብሎ ተገኘ። የአንዱ ጥሩ ጎን ብርሃን ሌላውን ሁሉ ሸፍኖታል ማለት ነው። እኔም ያን ቀን ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

መድኃኒቱ የነጥብ ቅጽ ነው። ግን ቅጹ ስላለ ብቻ አድልዎ አይቀንስም። «በራስ መተማመን፦ ከ5 ስንት?» የሚል ቅጽ አድልዎውን በቁጥር ከመጻፍ ያለፈ ነገር አይሠራም። ለውጥ የሚያመጣው አንድ ነገር ነው፤ ጥሩ መልስ ምን እንደሚመስል፣ መካከለኛው ምን እንደሚመስል፣ ደካማው ምን እንደሚመስል ማንንም ሳታዩ አስቀድማችሁ መጻፍ። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በዋናነት ስለዚህ ነው። ምሳሌዬ አራዳ ገበያ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ከአንድ በላይ ቅጥር ላይ ያየሁትን አዋህጄ ስለሠራሁት ማንነቱን አትፈልጉ።

1. መጀመሪያ መዝገቡን ክፈቱ

ጥያቄ ከማውጣታችሁ በፊት አሁን ያለው የሂሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛ አጠገብ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ሠራተኛው ከሄደ ደግሞ የተወውን ፋይል አገላብጡ። የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ባለፈው ዓመት ምን ተበላሸ? ቀረጥ ለመክፈል ሲደረስ የጠፋ ደረሰኝ ነበር? የባንክ ስቴትመንቱና መዝገቡ ሳይገናኙ ስንት ወር ቆዩ? ከጥሬ ገንዘቡ ጎድሎ ማን እንደጎደለበት ያልታወቀበት ቀን አለ?

በምሳሌያችን ድርጅት አራት ነገር ተገኘ። የባንክ ሂሳብ በየወሩ አይታረቅም። ደረሰኝና የወጪ ማዘዣ ተቀላቅሎ ይቀመጣል። ቫት ሲለይ ስህተት ይሠራል። ደረሰኝ የሌለው ወጪ በፈጠራ ስም ይመዘገባል። መመዘኛዎቻችን እነዚህ አራቱ ናቸው። «ተግባቢነት» እና «ፈጣን አእምሮ» የሉበትም። ማንም መዝገብ ውስጥ የተግባቢነት ጉድለት አላገኘም።

አራት ይበቃል። አምስትም ይቻላል። ስምንት መመዘኛ ያለው ቅጽ ላይ ጠያቂው ከአራተኛው በኋላ ማሰቡን ትቶ ቁጥር መሙላት ይጀምራል።

2. ክብደት ስጡ

አራቱ እኩል አይደሉም። በምሳሌያችን ባንክ ማስታረቅ 6፣ የሰነድና የገንዘብ ጥንቃቄ 5፣ ቫትና ኤክሴል 4፣ በፈጠራ ስም መዝግብ ሲባል «አይሆንም» ማለት መቻል 5 ተሰጣቸው። ድምሩ 20 ነው። እያንዳንዱ መመዘኛ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስለሚሰጠው፣ ነጥቡን በክብደቱ አባዝታችሁ ስትደምሩ ሙሉው 100 ይመጣል። ስሌቱን ማንም ሰው በስልኩ መሥራት ይችላል። ኤክሴል ላይ ክብደቱን ከ`B2` እስከ `B5`፣ ነጥቡን ከ`C2` እስከ `C5` ብትጽፉ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=SUMPRODUCT(B2:B5,C2:C5)
```

አንድ ተጨማሪ ደንብ አሁኑኑ ጻፉ። በአራተኛው መመዘኛ ከ3 በታች ያገኘ ሰው በሌላው መቶ በመቶ ቢያመጣም አያልፍም። ድምር ብቻ ካያችሁ ኤክሴል የሚችል ሰው ያዘዙትን ሁሉ የመመዝገብ ልማዱን በኤክሴሉ ይሸፍነዋል። ይህን ደንብ አመልካቾቹን ካያችሁ በኋላ ብታወጡት ግን አንድን ሰው ለመጣል የወጣ ይመስላል። አንዳንዴም እውነት ይሆናል።

3. ግማሹን በወረቀት፣ ግማሹን በቃል

የሂሳብ ሥራ ከሌሎች ሥራዎች የሚለይበት መልካም ነገር አለ። ሥራው ራሱ ወረቀት ላይ ይገባል። ስለዚህ ባንክ ማስታረቅንና ቫትን በቃል አትጠይቁ፤ ሠርቶ ያሳያችሁ። ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍ፣ ቁጥር ብቻ ይሁን። የሚያርመው ሰው የማን ወረቀት እንደሆነ ባለማወቁ ብቻ ከጠቅላላው ነጥብ ግማሹ ከመልክና ከአነጋገር ተጽዕኖ ነፃ ወጣ።

ለባንኩ ጥያቄ ይህን ተጠቀምን። የድርጅቱ መዝገብ 184,600 ብር ይላል። የባንኩ ስቴትመንት 197,350 ብር ይላል። የ18,000 ብር ቼክ ተሰጥቷል፣ ግን ገና አልተመነዘረም። 5,000 ብር ባንክ ገብቷል፣ ስቴትመንቱ ላይ ግን አልታየም። ባንኩ 250 ብር የአገልግሎት ክፍያ ቆርጧል፣ መዝገቡ ላይ አልተጻፈም። አስታርቁ።

መልሱ ሁለቱንም ወገን 184,350 ያደርሳል። ከባንኩ 18,000 ተቀንሶ 5,000 ይደመራል፤ ከመዝገቡ 250 ይቀነሳል። ለነጥቡ ግን መልሱ ብቻ አይበቃንም፤ መለኪያውን እንዲህ ጻፍነው። የ12,750 ብር ልዩነቱን በአንድ መስመር «ማስተካከያ» ብሎ ያስገባ 1 ያገኛል። 184,350 ላይ ደርሶ የትኛው ወደ መዝገብ እንደሚገባ ያልለየ 3 ያገኛል። እዚያው ቁጥር ላይ ደርሶ «መዝገብ ላይ የሚጻፈው 250ው ብቻ ነው፣ ቼኩና ገቢው ጊዜያቸውን ጠብቀው ባንኩ ላይ ይታያሉ» ያለ 5 ያገኛል።

ለቫቱ ደግሞ በ15 ከመቶ የተሰላ ቫትን ያካተተ 23,000 ብር የሽያጭ ደረሰኝ ሰጥተን ዋጋውንና ቫቱን እንዲለዩ ጠየቅን። ብዙ ሰው 23,000ን በ15 ከመቶ አባዝቶ 3,450 ይላል። ትክክለኛው ዋጋ 20,000፣ ቫቱ 3,000 ነው፤ ለ1.15 ማካፈል ያስፈልጋል። አራት ደረሰኝ ጨምራችሁ በኤክሴል ቀመር እንዲሠሩት ብታደርጉ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ታያላችሁ። ለወረቀቱና ለኤክሴሉ በአንድ ላይ 30 ደቂቃ ይበቃል።

የጥያቄው ወረቀት በአማርኛ ይጻፍ። የሙያ ቃል ሲሆን እንግሊዝኛውንም አብራችሁ አስቀምጡ፤ ተማሪዎቻችን ሙያውን የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው፣ ሥራ ቦታ የሚያወሩበት ግን በአማርኛ ነው። መልሱን በየትኛውም ቢጽፉ እኩል ይያዝ። ድርጅታችሁ ከደንበኛ ጋር በእንግሊዝኛ የማይጻጻፍ ከሆነ፣ እንግሊዝኛ የሚለካላችሁ አመልካቹ የተማረበትን ትምህርት ቤት ነው እንጂ ሂሳቡን አይደለም።

4. የቃል ጥያቄዎቹና መለኪያቸው

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩ። ቅጹ የሚሠራውም የሚበላሸውም እዚህ ነው።

መጀመሪያ ስለ አጠያየቅ። «ከዚህ በፊት በሠራህበት ቦታ...» የሚል ጥያቄ ልምድ ያለውን ሰው ይጠቅማል። ለጀማሪ የሂሳብ ሠራተኛ ቦታ ግን ግማሹ አመልካች ትናንት ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከቴክኒክና ሙያ የወጣ ነው። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሁኔታ ፈጥራችሁ «ምን ያደርጋሉ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄዎቹን በ«እርስዎ» ጻፏቸው። ይህ ለጨዋነት ብቻ አይደለም። በአማርኛ «አንተ» እና «አንቺ» ስንል ጥያቄው ራሱ ይለወጣል፤ ድምፃችንም አብሮ ይለወጣል። የተጻፈውን ያለ ለውጥ ለሁሉም መጠየቅ የሚቻለው በ«እርስዎ» ነው። አንዱን «አንተ»፣ የምታውቁትን ሰው ልጅ «የኔ ልጅ»፣ ዕድሜው ገፋ ያለውን «እርስዎ» ብላችሁ ብትጠይቁ ሦስቱ ሰዎች የተቀመጡት ሦስት የተለያየ ክፍል ውስጥ ነው።

ለሰነድና ለገንዘብ ጥንቃቄ የጻፍነው ጥያቄ ይህ ነው። «ቀኑ ሊያልቅ ነው። በመሳቢያው ያለው ጥሬ ገንዘብ መዝገቡ ከሚለው በ540 ብር ያንሳል። ገንዘብ ያዡ ወደ ቤት ለመሄድ ቸኩሏል። ምን ያደርጋሉ? ከመጀመሪያው እርምጃ ይጀምሩልን።»

ለዚህ 1 የሚያሰጠው መልስ «ገንዘብ ያዡ ከኪሱ ይሙላ»፣ «ነገ አየዋለሁ» ወይም ቁጥሩን አስተካክሎ ማመጣጠን ነው። 3 የሚያሰጠው ገንዘቡን ደግሞ መቁጠርና ደረሰኞቹን ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ነው፤ ካልተገኘስ ለሚለው ግን መልስ የለውም። 5 የሚያሰጠው ይህን ሁሉ አድርጎ፣ የደረሰኞቹ ተራ ቁጥር የተዘለለ እንዳለው የሚያይና፣ ካልተገኘ ጉድለቱን በጽሑፍ ይዞ ገንዘብ ያዡን አስፈርሞ ያን ዕለት ለኃላፊ የሚያሳውቅ መልስ ነው። «540 ለ9 ስለሚካፈል ቁጥር ተገላብጦ ሊሆን ይችላል» የሚል ከመጣም በዚሁ ውስጥ ይያዝ። 6,390 ሲጻፍ 6,930 ከሆነ ልዩነቱ ልክ 540 ይመጣል። የሂሳብ ሰዎች የሚያውቁት ዘዴ ነው። 5 ለማግኘት ግን ግዴታ አታድርጉት፤ ሥራ ላይ የሚማሩት ነገር ነው።

2 እና 4 የራሳቸው መግለጫ አያስፈልጋቸውም። በሁለቱ መካከል የወደቀ መልስ ነው የሚያገኛቸው።

ለአራተኛው መመዘኛ ደግሞ እንዲህ ጠየቅን። «የድርጅቱ ባለቤት ደረሰኝ የሌለው የ8,000 ብር ወጪ ይዘው መጡ። ‹የትራንስፖርት ብለው ይመዝግቡት› አሉ። ምን ይመልሳሉ?» እንደታዘዘው መመዝገብ ወይም ደረሰኝ ፈልጎ ማሟላት 1 ነው። «አልመዘግብም» ብሎ መቆም 3 ነው። ወጪውን በእውነተኛ ስሙ፣ ባለቤቱ በፈረሙበት የወጪ ማዘዣ ይዞ፣ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ለግብር ተቀናሽ ሆኖ ላይያዝ እንደሚችል ማስረዳት 5 ነው።

በምሳሌያችን ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው፤ ባለቤቱ፣ ሂሳብ ሹሟና የመጋዘን ኃላፊው። ይህን ጥያቄ ባለቤቱ ራሳቸው እንዳያነቡት አድርጉ። ከወደፊት አለቃው ፊት ተቀምጦ «አይሆንም» ማለት ለማንም ይከብዳል፤ ያን ጊዜ የምትለኩት ሌላ ነገር ይሆናል። ሂሳብ ሹሟ ታንብበው። ደግሞም አመልካቹ ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና...» ብሎ ቢጀምር ነጥብ አይቀነስበትም። እኛ አገር ለታላቅ ሰው «አይሆንም» የሚባለው እንዲህ ነው። መለኪያው ላይ የተጻፈው የሚያደርገው ነገር ነው፤ የድምፁ መጠን አልተጻፈም።

ሁለት ተከታይ ጥያቄ ብቻ ፍቀዱ፤ እነሱም ይጻፉ። አንደኛው «ከዚያስ ቀጥሎ?» ነው። ሁለተኛው «እርስዎ ራስዎ የሚያደርጉት የትኛውን ነው?» ነው። ሁለተኛው ያስፈለገበት ምክንያት አለው። በትሕትና ያደገ ሰው «እኔ» ማለት ያፍራል። ብቻውን የሠራውን ሁሉ «ሠራን፣ አስተካከልን» ይላል። በደንብ የሰለጠነ ሌላ ሰው ደግሞ ጓደኞቹ የሠሩትን «እኔ» ይላል። ሁለቱንም ለሁሉም አመልካች እኩል ጠይቁ። «ከዚያስ» የተባለው ሰው ሁሌም ካልተባለው የተሻለ ይመልሳል። የወደድነውን ሰው ደግሞ ሳናውቀው ደጋግመን «ከዚያስ» እንለዋለን።

መለኪያው ሲያልቅ ሙከራ አድርጉበት። አሁን የምትተማመኑበትን የሂሳብ ሠራተኛ ጥያቄውን መልስ በሉት። እሱ 3 ካገኘ መለኪያው ተሳስቷል፣ ወይም የምትፈልጉት ሰው ለዚህ ደመወዝ የሚገኝ አይደለም።

5. የቃለ መጠይቁ ቀን

አድልዎ የሚገባው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት ባለው ጨዋታ ነው። ስለዚህ ጨዋታውንም ጻፉት። «እንኳን ደህና መጡ። ሦስት ሆነን ተራ በተራ እንጠይቃለን። መልስዎን ስለምንጽፍ አጎንብሰን ቢያዩን አይቀየሙን። የሚጠጣ ውኃ ይኸው።» ለሁሉም ይህ ብቻ ይባላል። ሰፈር፣ ቤተሰብ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ትዳር፣ ልጅ አይነሳም። «ልጅ አለሽ?» የሚለው በተለይ ይቅር፤ ወንድ አመልካች ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል።

ከጠያቂዎቹ አንዱ አመልካቹን የሚያውቀው ከሆነ አስቀድሞ ይናገርና ለዚያ ሰው ነጥብ አይስጥ። ጎንደር ውስጥ ይህ ያጋጥማችኋል። አያሳፍርም፤ መደበቁ ነው ችግሩ።

በቀን ከስድስት ሰው በላይ አትጥሩ። ለአንድ ሰው 20 ደቂቃ የቃል፣ ከዚያ 5 ደቂቃ በዝምታ ነጥብ መጻፊያ ያዙ። ቀጠሮው ጥር ላይ ከሆነ የጥምቀትን ሰሞን ዝለሉት፤ ከማራኪ ፒያሳ ለመድረስ ስንት እንደሚፈጅ ማንም አያውቅም፣ ዘግይቶ በላብ የገባ ሰው ደግሞ ገና ሳይናገር ነጥብ ያጣል።

በቅጹ ላይ ከእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ተዉ። እዚያ የሚጻፈው አመልካቹ ያለው ነገር ነው። «ጎበዝ ናት» አይጻፍም። «ደረሰኙን በተራ ቁጥር አመሳክራለሁ አለች» ይጻፋል። ባዶ ቦታው ያልተሞላ ነጥብ አይቆጠርም ብላችሁ ደንብ አድርጉት።

6. መጀመሪያ ነጥብ፣ ከዚያ ወሬ

ሦስቱ ጠያቂዎች ቅጻቸውን ሞልተው፣ ፈርመው፣ ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው ካስቀመጡ በኋላ ብቻ ነው ስለ አመልካቹ የሚነጋገሩት። ሲነጋገሩም ባለቤቱ የመጨረሻው ተናጋሪ ይሁኑ። ባለቤቱ «ይሄ ልጅ ጥሩ ነው» ካሉ በኋላ የመጋዘን ኃላፊው «አይደለም» ይላል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

አሁን በምሳሌያችን የሆነውን እንይ። ሁለት አመልካቾች ቀሩ። አመልካች 3 ዲግሪ ያለው፣ አነጋገሩ የሚማርክ ወጣት ነው። አመልካች 5 ከቴክኒክና ሙያ ደረጃ አራት የጨረሰች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ወጣት ናት።

ወረቀቱ አስቀድሞ ታርሟል። በባንኩ እሱ 3፣ እሷ 5 አገኙ። በቫትና ኤክሴል እሱ 4፣ እሷ 3። በአራተኛው መመዘኛ ሦስቱም ጠያቂዎች ለእሱ 3፣ ለእሷ 4 ሰጡ። ልዩነት የመጣው በሰነድና ገንዘብ ጥንቃቄ ነው። ሂሳብ ሹሟና የመጋዘን ኃላፊው ለእሱ 3፣ ለእሷ 4 ሰጥተዋል። ባለቤቱ ለእሱ 5፣ ለእሷ 2 ሰጥተዋል።

የባለቤቱን ቅጽ ብቻ ብትደምሩ የእሱ 18 ሲደመር 25 ሲደመር 16 ሲደመር 15፣ ማለትም 74 ነው። የእሷ 30 ሲደመር 10 ሲደመር 12 ሲደመር 20፣ ማለትም 72 ነው። በሦስቱ መመዘኛ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ነጥብ የሰጡ ሰው፣ በአንድ መመዘኛ ብቻ ውጤቱን ገለበጡት።

የተስማማንበት ደንብ፣ በሁለት ጠያቂዎች መካከል 2 ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት ካለ ሁሉም ማስታወሻቸውን ያንብቡ የሚል ነበር። ባለቤቱ ለእሱ የጻፉትን አነበቡ፤ «በራሱ ይተማመናል፣ ግልጽ ነው» ይላል። ለእሷ፤ «ድምፅዋ አይሰማም» ይላል። ከዚያ መለኪያው ተነበበ። መተማመንም ድምፅም የሉበትም። ሂሳብ ሹሟ የጻፈችው ደግሞ እንዲህ ነበር። እሱ «እንደገና እቆጥራለሁ፣ ደረሰኝ አያለሁ» ብሎ፣ «ከዚያስ ቀጥሎ?» ሲባል «ይገኛል» ብሏል። እሷ እንደገና ቆጥራ፣ አመሳክራ፣ የተዘለለ ተራ ቁጥር ፈልጋ፣ ካጣችው ለኃላፊ እንደምትናገር ገልጻለች፤ በጽሑፍ መያዝና ማስፈረም ነው የቀራት። ባለቤቱ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ የእሱን ወደ 3፣ የእሷን ወደ 4 አስተካክለው አጠገቡ ፈረሙ። የድሮው ነጥብ አልተፋቀም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ይታያል። የሂሳብ ሰው ስህተት የሚያርመውም እንዲሁ ነው።

የመጨረሻው ድምር እሱ 64፣ እሷ 82 ሆነ።

ባለቤቱ ነጥባቸውን እንዲቀይሩ ማንም አላስገደዳቸውም፤ ማስገደድም አይገባም። አንዳንዴ ብቻውን የቀረው ጠያቂ ነው ትክክል፤ ሌሎቹ ያልሰሙትን ሰምቶ ጽፎታል። የሚፈለገው ልዩነቱ በተጻፈ ቃል እንዲፈታ ነው። አንድ ጠያቂ ባያምንበት ነጥቡ እንዳለ ይቆይና አማካዩ ይወሰድ።

ሁለት አመልካች በ3 ወይም በ4 ነጥብ ብቻ ቢለያዩ እንደ እኩል ቁጠሯቸው። ይህ ቅጽ ያን ያህል ቀጭን ልዩነት መለየት አይችልም። እኩል ሲሆኑ ማን እንደሚቀድም አስቀድማችሁ ወስኑ። እኛ በባንክ ማስታረቅ የበለጠ ያገኘው ይቅደም ብለን ነበር።

7. ቅጹ እየሠራ እንዳልሆነ በምን ይታወቃል?

የአንዱን ጠያቂ ቅጾች ብቻ ዘርግታችሁ እዩ። አንዱ አመልካች በቃል ጥያቄዎቹ ሁሉ 5፣ ሌላው ሁሉ 2 ከሆነ ጠያቂው መልስ አልመዘነም፤ ሰው ወዶና ጠልቶ ነው። ለሁሉም ሰው 3 የሰጠ ጠያቂ ካለ ደግሞ ማንንም ማስቀየም አልፈለገም፣ ወይም መለኪያው አልገባውም። የመጀመሪያው አመልካች ዝቅ ብሎ የመጨረሻዎቹ ከፍ ከፍ ካሉ፣ ጠያቂው ጥሩ መልስ ምን እንደሆነ የተማረው ከአመልካቾቹ ነው ማለት ነው። መለኪያውን እንደገና አንብቡና የመጀመሪያውን ሰው መልስ ከማስታወሻው ደግማችሁ መዝኑ።

ቅጹ የማይደርስበት ቦታም አለ። ማስታወቂያው የተሰማው በዘመድ ብቻ ከሆነ ቅጹ የሚለየው ከዘመዶች መካከል ነው። የሥራ ማስታወቂያውን ሰሌዳ ላይም፣ ቴሌግራምም ላይ አውጡ። ማመልከቻ ስትለዩም በአንድ ወረቀት ላይ የጻፋችሁትን መስፈርት ብቻ ተጠቀሙ። አራተኛው ጥያቄ ደግሞ ሰውየው የሚያውቀውን እንጂ የሚያደርገውን በእርግጥ አይነግራችሁም። ስለዚህ ያለፈውን ሰው ቀድሞ የሠራበትን ወይም የተለማመደበትን ቦታ ደውላችሁ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፤ ምን ምን ሰነድ ይይዝ ነበር? ስህተት ሲያገኝ ምን ያደርግ ነበር?

8. ዋስና የሙከራ ጊዜ

ገንዘብ ለሚነካ ሠራተኛ ዋስ መጠየቅ የተለመደ ነው። ግን «ዋስ ማን አለህ?» ቃለ መጠይቅ ላይ ከተነሳ፣ ትልቅ ሰው የሚያውቅ አመልካች በነጥብ ይቀድማል። ዋስትናው ምን እንደሚፈልግ ማስታወቂያው ላይ ለሁሉም እኩል ይጻፍ። ማንነቱ ግን የሚጠየቀው ነጥቡ ተደምሮ፣ ውጤቱ ተፈርሞ ካለቀ በኋላ ነው፤ የቅጥሩ ማሟያ እንጂ መመዘኛ አይደለም።

የሙከራ ጊዜው በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በእነዚያ ቀናት ያንኑ አራት መመዘኛ ተጠቀሙ። በሠላሳኛው ቀን የመጀመሪያውን ወር የባንክ ማስታረቂያ አንሡና በዚያው የ1፣ 3፣ 5 መለኪያ ነጥብ ስጡት። ከዚያ ከቃለ መጠይቁ ቅጽ ጋር ጎን ለጎን አድርጉት። የወረቀት ፈተናው 5 ብሎ ሥራው 2 ከሆነ ፈተናው የሥራውን ክብደት አልያዘም፤ ምናልባት አንድ ቼክ ሳይሆን ሃያ ቼክ ያለበት ስቴትመንት ያስፈልገው ነበር። ለሚቀጥለው ቅጥር የምትቀይሩት ያንን ጥያቄ ነው። ያላለፉትን ሰዎች ቅጾችም አትጣሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ መጥቶ «ለምን አላለፍኩም?» ቢላችሁ ከፊቱ ዘርግታችሁ የምታሳዩት የራሱ መልስ ይኖራችኋል።